ነጩ ብልቃጥና ጥርት ያለው ብልቃጥ፦ ቤዛልና ቦለስ ኢንሱሊን ለጀማሪ

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። 26 ዓመቴ ነው፣ መምህር ነኝ፣ ክብደቴ 58 ኪሎ። ዓይነት አንድ ስኳር ነው ተብዬ ሆስፒታል ተኝቼ ትናንት ወጣሁ። ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ተሰጠኝ። ነጩን ኤንፒኤች ጠዋት 10 ዩኒት፣ ማታ ስተኛ 6። ጥርት ያለውን ሬጉላር ከቁርስ በፊት 4፣ ከምሳ በፊት 3፣ ከእራት በፊት 4። ነገ ራሴን መውጋት እጀምራለሁ። አንዱ ቤዛል ነው፣ አንዱ ቦለስ ነው አሉኝ፣ ግን አልገባኝም። ሁለቱም ኢንሱሊን ከሆኑ ለምን አንዱ አይበቃም? ምግብ ካልበላሁስ የትኛውን ልተው? አሜሪካ ያለች እህቴ ደግሞ በቀን አንዴ የሚወጋ ላንተስ የሚባል ኢንሱሊን ልላክልህ ትላለች።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከጉበት ልጀምርልህ። ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከምግብ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። «ካልበላሁ መርፌው ለምን ያስፈልጋል?» የሚባለውም ለዚህ ነው። ግን ጉበትህ ቀንም ሌሊትም ስኳር ወደ ደም ይለቃል። መልቀቅም አለበት፤ አንጎልህ አንተ ተኝተህም ስኳር ይፈልጋል። ጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ጥቂት ጥቂት ኢንሱሊን ሳያቋርጥ እየሰጠ ጉበትን ልክ ያስይዘዋል። ያ ኢንሱሊን ሲጠፋ ጉበት ያለ ልክ ይለቃል። አንድ ጉርሻ ሳትበላ ስኳርህ 300፣ 400 ሊገባ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠሉ ነው። ከስቡ ኪቶን የሚባል አሲድ ይወጣና ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎና በጥልቀት መተንፈስ፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል። ዓይነት አንድ ያለበት ብዙ ወጣት መጀመሪያ ሆስፒታል የሚገባው በዚህ ነው።

ያንን የማያቋርጥ ትንሽ ኢንሱሊን የሚተካው መርፌ ቤዛል ይባላል። ያንተ ቤዛል ነጩ ኤንፒኤች ነው። ዋና ሥራው ከጉበት ጋር ነው፣ ከምግብ ጋር አይደለም።

ሌላው ምግብ ሲገባ የሚያስፈልገው ነው። እንጀራ ስትበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ስኳር በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ቆሽት ይህን ሲያይ ወዲያው ብዙ ኢንሱሊን ይለቅና ምግቡ ሲያልቅ ይቀንሳል። ይህን የሚተካው ቦለስ ነው። ያንተ ቦለስ ጥርት ያለው ሬጉላር ነው።

አሁን የታዘዘልህን ደምረው። ኤንፒኤች 10 እና 6፣ 16 ነው። ሬጉላር 4፣ 3 እና 4፣ 11 ነው። በድምሩ በቀን 27 ዩኒት። ለ58 ኪሎ ሰው በኪሎ ግማሽ ዩኒት ገደማ መሆኑ ነው፤ ዓይነት አንድ ላይ የተለመደ መነሻ ነው። መነሻ ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከሳምንታት በኋላ ይህ ቁጥር እንዲሁ እንዳለ ከቆየ እኔ ይገርመኛል።

ለምን አንዱ አይበቃም ላልከው፣ መልሱ ሰዓት ነው። ሬጉላር ከተወጋህ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መሥራት ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ሌሊቱን ሙሉ ጉበትን ሊይዝልህ አይችልም። ኤንፒኤች ደግሞ ለመጀመር 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፣ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። ቁርስህ ላይ አይደርስም። ሁለቱም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ኤንፒኤች ውስጥ ፕሮታሚን የሚባል ፕሮቲን መጨመሩ ነው። ፕሮታሚኑ ኢንሱሊኑን ይይዘውና ከቆዳ ሥር ቀስ እያለ ብቻ እንዲሟሟ ያደርገዋል። ነጭና ደመና መሳይ ያደረገውም እሱ ነው። ይህን መንገድ በ1930ዎቹ ያመጣው ሀገዶርን የሚባል የዴንማርክ ሐኪም ነው፤ ኤንፒኤች ከሚለው ውስጥ የመጨረሻው ፊደል የእሱ ስም ነው።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም መጽሐፍ አለ። ከዚህ በታች ያለው ግን ኤንፒኤች የሚወጋ ሰው በተለይ ማወቅ ያለበት ነው፣ ብዙ ጊዜም ሳይነገረው ከሆስፒታል ይወጣል። ቤዛል ሲባል ቀኑን ሙሉ እኩል የሚሠራ ይመስላል። ኤንፒኤች እኩል አይሠራም። ጉብታ አለው። ከተወጋህ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በጣም ይበረታል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል። በጉብታው ሰዓት ጉበትን መያዝ ብቻ ሳይሆን ምግብም የሚጠብቅ ኢንሱሊን ነው። ምግቡን ካላገኘ ስኳርህን ያወርደዋል።

ይህን በራስህ ቀን ላይ እንየው። ጠዋት 12፡30 ላይ ሁለቱንም ተወጋህ እንበል፣ ቁርስህን 1 ሰዓት ላይ በላህ። ግማሽ ሰዓቱ የግድ ነው፤ ሬጉላር እስኪነሳ ነው የምትጠብቀው። ወግተህ ወዲያው ከበላህ ምግቡ ይቀድመዋል። ከቁርስ በኋላ ስኳርህ ሽቅብ ይወጣል፣ ሬጉላሩ ዘግይቶ ሲደርስ ደግሞ ምግቡ አልቆ ያገኘዋል። ወግተህ አንድ ሰዓት ከቆየህ ደግሞ ሳትበላ ይወርዳል።

የጠዋቱ ሬጉላር ከ2፡30 እስከ 4፡30 ይበረታል። እሱ መውረድ ሲጀምር የጠዋቱ ኤንፒኤች ይነሳል፣ ከ4፡30 እስከ 10፡30 ገደማ ጉብታው ላይ ነው። ምሳህ እዚህ መሀል ይገባል። 6 ሰዓት ላይ ሬጉላር 3 ትወጋለህ፣ 6፡30 ላይ ትበላለህ። ለምሳ 4 ሳይሆን 3 የተባለው ለዚህ ይመስለኛል፤ የጠዋቱ ኤንፒኤች ምሳውን ያግዛል። ግን ልብ በል፣ የምሳው ሬጉላር ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበረታል፣ ኤንፒኤቹም ገና ጉብታው ላይ ነው። ሁለቱ ይደራረባሉ። በቀንህ ውስጥ ስኳር ለመውረድ የሚመቸው ሰዓት ይህ ነው። መምህር ነህና የከሰዓት ክፍለ ጊዜህ ወይም ወደ ቤት በእግር የምትሄድበት ሰዓት ነው ማለት ነው። 9 ሰዓት አካባቢ መክሰስ ያዝ። አንድ ሙዝ ወይም ግማሽ ዳቦ ይበቃል።

ማታ ከእራት ግማሽ ሰዓት በፊት ሬጉላር 4። ከዚያ 4 ሰዓት ላይ ስትተኛ ኤንፒኤች 6። ይህ ሌሊት ከ8 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ ይበረታል። ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ራሱ ስኳር የሚያወጡ ሆርሞኖችን ይለቃል፤ የማታው ኤንፒኤች ጉብታ በዚያ ሰዓት እንዲደርስ ነው «ስትተኛ» የተባልከው። አንዳንድ ሰው «ሁለቴ ከምወጋ» ብሎ የማታውን ኤንፒኤች ከእራቱ ሬጉላር ጋር 1 ሰዓት ላይ ይወጋል። ያኔ ጉብታው እኩለ ሌሊት ላይ ይመጣና በእንቅልፍ ላይ ሳለ ስኳሩ ይወርዳል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ኤንፒኤቹ ደክሞ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይነሳል። አንድ ተጨማሪ ውጋት ቢሰለችህም ለይተህ ተወጋ።

አሁን ወደ «ካልበላሁ የትኛውን ልተው?» እንምጣ።

ቦለስ የምግብ ነው። ምግቡ ከሌለ የዚያ ምግብ ሬጉላር አይወጋም። ምሳ ካልበላህ የምሳውን 3 ተወው። ቤዛል ግን አይተውም። ዓይነት አንድ ላይ ኤንፒኤችን አንድ ቀን ሙሉ ማቋረጥ ኪቶን ያመጣል፣ ስንት ሰው በዚህ ተመልሶ ይተኛል። በተለይ ሲታመሙ ነው ስህተቱ። «እያስመለሰኝ ነው፣ ምንም አልበላሁም፣ መርፌውም ይቅር» ይባላል። ሲያምህ ሰውነት ይበልጥ ስኳር ያወጣል፣ ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የሚፈልገው ያኔ ነው። ስኳርህን በየ3 እና 4 ሰዓቱ ለካ፣ ውሃ ጠጣ፣ ስኳርህ ዝቅ ካለ ስኳር ያለው ሻይ ፉት በል፣ ኤንፒኤቹን ስንት ትወጋ እንደሆነ ለሐኪምህ ደውለህ ጠይቅ። ማስመለሱ ካላቆመ፣ ስኳርህ ከ250 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ ወይም ትንፋሽህ ከተቀየረ ቤት አትቆይ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ።

ግን ጉብታውን አትርሳ። ላንተ «ቦለሱን ተው፣ ቤዛሉን አትተው» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ጠዋት 10 ዩኒት ኤንፒኤች ከተወጋህ ምሳ መብላት አለብህ። የምሳውን ሬጉላር ብትተወውም ኤንፒኤቹ ከ5 ሰዓት በኋላ ምግብ ይጠብቃል። ስብሰባ ረዘመ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ልቅሶ ቤት ቆየሁ የሚባለው ቀን ነው የሚያስቸግረው። ቦርሳህ ውስጥ ሁልጊዜ የሚበላ ነገር ይኑር።

ጾምም እዚህ ላይ ይመጣል። የጾም ምግብ በራሱ ችግር የለውም፤ ሽሮና ምስር ከሥጋ ይልቅ አይጎዱህም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት መጾም ማለት የጠዋቱ ኤንፒኤች ጉብታ ላይ ሆነህ ባዶ ሆድህን መቆየት ነው። የጠዋቱን መርፌ ትቶ መጾም ደግሞ ከላይ ያልኩህን ኪቶን ያመጣል። ስለዚህ ለጀማሪ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ በሰዓት መጾምን አልመክርም። በረመዳን የሚጾም ወንድምም ጉዳዩ ያው ነው። የንስሐ አባትህ ወይም ሼኹ ሕመምህን ይወቁት። ጸበል ከሄድክም ኢንሱሊንህንና መለኪያህን ይዘህ ሂድ፣ እዚያም ተወጋ። ጸበል ላይ መርፌ አቁመው በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ራሳቸውን ስተው የሚመጡ ወጣቶች አያለሁ፤ በጣም ያመኛል።

ስኳር ሲወርድ እንዴት ታውቃለህ? ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ያለምክንያት መነጫነጭ። ክፍል ውስጥ ከሆንክ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍከው ነገር መጥፋት ሲጀምርህ። መለኪያው ከ70 በታች ካለ ወርዷል። መለኪያ ከሌለህ እንደወረደ ቁጠረው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ጠጣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ስኳር ያለውን። 15 ደቂቃ ቆይተህ ለካ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገመው። ከተስተካከለ በኋላ የሚቀጥለው ምግብ ሩቅ ከሆነ ዳቦ ብላ። ቸኮሌትና ኬክ በዚህ ሰዓት አይሆኑም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ቤተሰብህና አንድ የሥራ ባልደረባህ ይህን ይወቁ፤ ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም እንደማይሰጥም ይወቁ። በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ቁጥር ማንበብን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ መርፌ የራሱ ምስክር ቁጥር አለው። ጠዋት በባዶ ሆድ የምትለካው የማታውን ኤንፒኤች ይነግርሃል። ከምሳ በፊት ያለው የጠዋቱን ሬጉላር። ከእራት በፊት ያለው በዋናነት የጠዋቱን ኤንፒኤች፣ በከፊል የምሳውን ሬጉላር። ስትተኛ ያለው የእራቱን ሬጉላር። ይህን ከያዝክ ደብተርህ ማውራት ይጀምራል።

በምሳሌ ልንገርህ። ሦስት ጠዋት በባዶ ሆድ ለካህ እንበል፣ 214፣ 198፣ 226። የምንፈልገው ከ80 እስከ 130 ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የጠዋቱን ሬጉላር ይጨምራል። ጠዋት ከፍ ያለውን ያመጣው ግን የጠዋቱ መርፌ አይደለም፤ ገና አልተወጋህም። ጉዳዩ የማታው 6 ዩኒት ነው። ወዲያው ግን አትጨምረው። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንቂያ ሞልተህ ተነሳና ለካ። 190 ካገኘህ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ነው ያደረው፤ ሐኪምህ 6ቱን 8 ሊያደርገው ይችላል። 58 ካገኘህ ግን ሌሊት እየወረደ ነው፣ የማታውን መጨመር አደጋ ነው፤ ስኳሩን ጠጥተህ ጠዋት ለሐኪምህ ንገረው። ጠዋት ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ሁለቱን አይለይልህም። ስትተኛ ስንት እንደነበርም ተመልከት። 4 ሰዓት ማታ 230 ሆነህ ከተኛህ ችግሩ ከእራት ጀምሯል፣ ኤንፒኤቹን አትክሰሰው።

ለውጥ ሲደረግ አንድ መርፌ ብቻ ነው የሚለወጠው፣ በ1 ወይም በ2 ዩኒት፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይታያል። በአንድ ቀን ቁጥር ተነስቶ መለወጥ ያሳስታል።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ልጠይቅህ። ከምግብ በኋላ 280 አየሁ ብለህ ሌላ 4 ሬጉላር አትጨምር። ከሁለት ሰዓት በፊት የተወጋኸው ገና ሥራውን አልጨረሰም። በላዩ ላይ ስትጨምር ሁለቱ አብረው ይደርሱና ከሦስት ሰዓት በኋላ 50 ላይ ታገኘዋለህ። ከፍ ላለ ስኳር ስንት መጨመር እንዳለብህ፣ መቼስ እንደሚጨመር፣ ሐኪምህ በጽሑፍ ይስጥህ።

ምግብን ብዙ አላስጨንቅህም። ቦለስህ ቋሚ ቁጥር ስለሆነ፣ የምትበላውም ከቀን ቀን ተቀራራቢ መሆን አለበት። ስኳር የሚያወጣው በዋናነት እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሩዙ፣ ድንቹ ነው። ቁርስ ላይ አንድ ቀን ሙሉ እንጀራ ፍርፍር፣ ሌላ ቀን እንቁላል ብቻ ከበላህ 4 ዩኒቱ አንዱ ቀን ያንስሃል፣ ሌላው ቀን ይበዛብሃል። ቡናህ ላይ ስኳር አታድርግ፤ የቡና ቁርሱም፣ ፈንዲሻውና ቆሎው፣ ምግብ ነው፣ ይቆጠራል።

አሁን ኢንሱሊኑን በሲሪንጅ ስለ መሳብ። ጠዋት ሁለቱን በአንድ ሲሪንጅ መውሰድ ትችላለህ። መጀመሪያ ብልቃጦቹን እይ። ሬጉላር ጥርት ያለ ውሃ መሆን አለበት፤ ከደፈረሰ ጣለው። ኤንፒኤች ሲቆም ነጩ ከታች ይቀመጣል፣ ይህ ደህና ነው። በሁለት መዳፍህ መሀል ይዘህ ቀስ እያልክ 20 ጊዜ ያህል አሽከርክረው፣ ገልብጠውም፣ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ነጭ እስኪሆን። አትናጠው፣ አረፋ ይሠራል። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ ውጤቱም ይታያል፤ አንድ ቀን ውሃውን፣ ሌላ ቀን ጥቅጥቁን ይወስድና ስኳሩ ያለምክንያት ሲወጣ ሲወርድ ይከርማል። ካሽከረከርከው በኋላም ጓል ከቀረ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ በረዶ የተለጠፈ ነገር ካየህ ተበላሽቷል።

ከዚያ አየር 10 ዩኒት ስበህ ኤንፒኤች ብልቃጥ ውስጥ ግፋው፣ መርፌው ፈሳሹን ሳይነካ አውጣ። አየር 4 ስበህ ሬጉላሩ ውስጥ ግፋ፣ ገልብጠህ ሬጉላር 4 ሳብ። አረፋ ካለ አውጣው። አሁን ኤንፒኤቹን ውጋና እስከ 14 ሳብ። ከ14 ካለፈ ወደ ብልቃጡ አትመልሰው፣ ሁሉንም ጥለህ እንደገና ጀምር። ቅደም ተከተሉ ጥርት ያለው ቀድሞ፣ ነጩ ቀጥሎ ነው። ምክንያቱም ነጩ ጠብታ ሬጉላር ብልቃጥ ውስጥ ከገባ ፕሮታሚኑ ሬጉላሩን ይይዘዋል፣ ቦለስህ ቦለስ መሆኑ ይቀራል።

ሲሪንጁን በደንብ እየው። ብዙዎቹ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች ላይ አንዷ ጭረት 2 ዩኒት ናት፤ የምሳውን 3 ዩኒት በእነሱ በትክክል መሳብ ይከብዳል። የግማሽ ሚሊ ሊትሩን፣ እስከ 50 የሚቆጥረውን፣ ጠይቅ፤ እዚያ አንዷ ጭረት 1 ዩኒት ናት። ሲሪንጁ ላይ 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር የሚል መሆኑን አረጋግጥ። ለ40 የተሠራ ሲሪንጅ ከተሰጠህ መልሰው። በእሱ 10 ብለህ ብትስብ 25 ዩኒት ነው የምትወጋው።

ቦታው ሆድ ነው፣ ከእምብርት ሁለት ጣት ርቀህ፣ ወይም ጭን። ከሆድ ቶሎ ይገባል፣ ስለዚህ የምግቡን ሆድ ላይ፣ የማታውን ኤንፒኤች ጭን ላይ ብታደርገው ጥሩ ነው። ቀጭን ስለሆንክ ቆዳውን ቆንጥጠህ አንሳ፣ መርፌውን ዘንበል አድርገህ አስገባ፤ ጡንቻ ውስጥ ከገባ ቶሎ ይሠራል። በየጊዜው ቢያንስ አንድ ጣት ያህል እየራቅህ ቀይር። አንድ ቦታ ላይ መደጋገም አያምም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ግን እብጠት ይሠራል፣ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም።

ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ አድርገህ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። የተከፈተው ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ውጭ መቀመጥ ይችላል፣ አራት ሳምንት ገደማ። የከፈትክበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፍ። ፍሪጅ ከሌለህ እርጥብ አሸዋ ያለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለህ ጥላ ቦታ አስቀምጠው።

ከሳምንታት በኋላ ሊገጥምህ የሚችል ነገር አለ፤ ሳይነገርህ ቢመጣ ያሳስትሃል። መርፌ ጀምረህ ስኳርህ ሲስተካከል፣ የቀረው የቆሽትህ ክፍል ትንሽ ይነቃል። ስኳር ቶሎ ቶሎ መውረድ ይጀምርሃል፣ ሐኪምህ 27ቱን ወደ 18 ወይም ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል። «ዳንኩ» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። አልዳንክም፤ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ፍላጎቱ ይመለሳል። መጠኑ ይቀነሳል እንጂ መርፌው አይቋረጥም።

ስለ እህትህ ላንተስ። እሱም ቤዛል ነው፣ ጥሩ ቤዛል ነው። ጉብታ የለውም ማለት ይቻላል፣ 24 ሰዓት ገደማ ተመሳሳይ ሆኖ ይሠራል። ምሳ ቢዘገይ እንደ ኤንፒኤች አያስጨንቅም፣ ሌሊትም ስኳር የማውረድ ዕድሉ ያነሰ ነው። ማግኘት ከቻልክ እኔም እመርጥልሃለሁ። ግን የሚተካው ነጩን ብቻ ነው። ከምግብ በፊት ያለው ሬጉላር ይቀጥላል፣ እንዲያውም የምሳው መጠን ከፍ ማለት ሊኖርበት ይችላል፤ ምሳህን ያግዝ የነበረው የኤንፒኤች ጉብታ ስለማይኖር ነው። መጠኑም 16ን በ16 አይተካም። ሁለቴ ከሚወጋ ኤንፒኤች ወደ ላንተስ ሲኬድ 80 በመቶ ነው የሚጀመረው፣ ላንተ 13 ገደማ፣ በቀን አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ቅያሬውን ሐኪምህ ያድርገው።

ሁለት ጥንቃቄ ጨምር። ላንተስ ቤዛል ሆኖ ሳለ ጥርት ያለ ነው፣ እንደ ሬጉላሩ። ነጩ ቤዛል፣ ጥርቱ ቦለስ የሚለው መለያህ በእሱ ላይ አይሠራም። ሁለት ጥርት ያሉ ኢንሱሊኖች አጠገብ ላጠገብ አታስቀምጥ፣ ስሙን ሳታነብ አትወጋ፤ ማታ 13 ዩኒት ሬጉላር በስህተት መወጋት ሌሊት ራስ የሚያስት ነገር ነው። ላንተስ ከምንም ጋር በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም፣ ለብቻው ነው። ሌላው፣ የምትልክልህ በሰው እጅ ከሆነ መንገደኛው በእጅ ሻንጣው ይያዘው፣ በካርጎ አይላክ፤ የአውሮፕላኑ የጭነት ክፍል ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንዴ ልካ የሚያልቅ ከሆነም አትጀምረው። የሚቀጥለው ከየት እንደሚመጣ ካወቅህ በኋላ ተቀየር፣ እስከዚያው ነጩን ብልቃጥ ከቤት አታጥፋ።